የፒዲኤፍ አስተያየት

የፒዲኤፍ አስተያየት በፒዲኤፍ ሰነድ ላይ ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ የሚጨመር ምልክት ወይም ማስታወሻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርሙ መምህራን፣ የረቂቅ ሕግ ገምጋሚዎችና የመጽሐፍ አርታኢዎች በብዛት ይጠቀሙበታል። አስተያየቶቹ ከሰነዱ ተነጥለው በዝርዝር መልክ ሊወጡም ይችላሉ። በአማርኛ ሰነዶች ላይ ግን የደመቀው ጽሑፍ ሲወጣ ወደማይነበብ የላቲን ፊደል የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ሰነዱ በተጻፈበት ቅርጸ ፊደል ምክንያት ነው።

## ዓይነቶች

ማድመቂያ በጽሑፍ ላይ የሚቀባ ቀለም ነው። በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የተቀባው ቦታ የአራት ማዕዘን ነጥቦች ልክ ብቻ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያሉት ቃላት አብረው አይመዘገቡም። ምልክቱ ሁለት መስመር ከያዘ ሁለት አራት ማዕዘኖች ይመዘገባሉ።

ተለጣፊ ማስታወሻ በገጹ ላይ እንደ ትንሽ ምልክት የሚታይና ሲነካ የሚከፈት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ስለሚቀመጥ የዋናው ሰነድ ቅርጸ ፊደል ምንም ይሁን ምን አማርኛው አይበላሽም።

የተተየበ አስተያየት በቀጥታ በገጹ ላይ የሚታይ ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ የመረጠው ቅርጸ ፊደል የግዕዝ ፊደላት ከሌሉት በፊደላቱ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ለረጅም የአማርኛ አስተያየት ተለጣፊ ማስታወሻ ይመረጣል።

## ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በዚህ መንገድ የተሠሩ ቅርጸ ፊደላት ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ለዓይን ትክክለኛ አማርኛ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅ ነው።

ይህን ለመለየት ከሰነዱ አንድ መስመር ቀድቶ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በቴሌግራም መጻፊያ ሳጥን ውስጥ፣ መለጠፍ በቂ ነው።

* አማርኛው እንዳለ ከወጣ ሰነዱ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው። ማድመቂያውም ማስታወሻውም በደኅና ይወጣሉ።
* የላቲን ፊደላት ከወጡ ማድመቅ ይቻላል፤ የደመቀው ጽሑፍ ግን በዝርዝሩ ላይ አይነበብም።
* መስመሩን መምረጥ ካልተቻለ ገጹ በስካነር የተነሣ ምስል ነው። ጽሑፍን ተከትሎ ማድመቅ አይቻልም።

ለምስል ገጾች የፊደል ማንበቢያ ያስፈልጋል። OCRmyPDF የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ የቋንቋ ፋይል ከተጫነለት በምስሉ ሥር የሚመረጥ ጽሑፍ ይጨምራል፦

```
ocrmypdf -l amh scan.pdf review.pdf
```

እንደ ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ለታተመበት ገጽ `amh+eng` ይጻፋል። ፕሮግራሙ በቅርጽ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ሊያምታታ ስለሚችል የሚወጣው ጥቅስ ከገጹ ጋር መመሳከር አለበት። ይህ ሥራ አስተያየት ከመጻፉ በፊት መጠናቀቅና ሁሉም ገምጋሚዎች በተገኘው አዲስ ፋይል ላይ መሥራት ይኖርባቸዋል።

## አጻጻፍና አወጣጥ

በአዶቤ አክሮባት ሪደር ላይ ጽሑፉ ተመርጦ ይደምቃል፤ ከዚያም ማድመቂያው ሁለት ጊዜ ሲነካ የማስታወሻ ሳጥን ይከፈታል። ከምርጫዎች ውስጥ በ`Commenting` ሥር የሚገኘው `Copy selected text into Highlight, Cross-Out, and Underline comment pop-ups` ቀድሞ ከተመረጠ የደመቁት ቃላት ራሳቸው ወደ ማስታወሻው ይገለበጣሉ። በዩኒኮድ ለተጻፈ ሰነድ ይህ ይጠቅማል። በቀድሞ ቅርጸ ፊደል ለተጻፈው ግን ማስታወሻውን በማይነበብ ጽሑፍ ስለሚሞላ ቢጠፋ ይሻላል።

ገምጋሚው ከጨረሰ በኋላ በአስተያየቶች ዝርዝር ላይ ካለው ምናሌ `Export All To Data File` ሲመረጥ አስተያየቶቹን ብቻ የያዘ ፋይል ይወጣል። ፋይሉ በXFDF ቅርጽ ከተቀመጠ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። ሰነዱ ያለው ሌላ ሰው ይህን ፋይል በ`Import Data File` ሲያስገባ ምልክቶቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ።

ለንባብ ብቻ የሚሆን ዝርዝር ከተፈለገ pdfannots የተባለው ነጻ ፕሮግራም የደመቁትን ቃላትና ማስታወሻዎቹን ከነገጽ ቁጥራቸው በጽሑፍ ፋይል ያወጣል፦

```
pdfannots review.pdf -o comments.md
```

## ምሳሌ

አንድ ተማሪ በየጁቤ ገበያ ስላለው የጤፍ ዋጋ የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቶ በደብረ ማርቆስ ለሚገኙ አማካሪው ላከ እንበል። ሰነዱ በስካነር የተነሡ መጠይቆችን ስለያዘ ፋይሉ 40 ሜጋባይት ሆኗል። አማካሪው ፋይሉን አንድ ጊዜ ያወርዳሉ፤ ሲመልሱ ግን መላውን ሰነድ መላክ አያስፈልጋቸውም። የአስተያየቶቹን ፋይል ብቻ ቢልኩ መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ በደካማ የስልክ ኢንተርኔትም ይደርሳል።

በፋይሉ ውስጥ ከአስተያየቶቹ አንዱ በአጭሩ ይህን ይመስላል፤ የቦታውና የቀኑ ቁጥሮች እዚህ ተትተዋል፦

```
<highlight page="13" title="አማካሪ">
  <contents>ዋጋው በኩንታል ነው ወይስ በኪሎ?</contents>
</highlight>
```

ገጽ 13 ተብሎ የተጻፈው በሰነዱ 14ኛው ገጽ ነው፤ በዚህ ቅርጽ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራልና። የደመቀው ቃል በፋይሉ ውስጥ አለመኖሩም ይታያል። ተማሪው ሰነዱን ሳይከፍት ማስታወሻውን ቢያነብ ስለየትኛው ዋጋ እንደተጠየቀ አያውቅም። አማካሪው «በሠንጠረዡ ሦስተኛ ረድፍ ያለው ዋጋ በኩንታል ነው ወይስ በኪሎ?» ብለው ቢጽፉ ግን የሰነዱ ቅርጸ ፊደል ምንም ቢሆን አስተያየቱ ብቻውን ይገባል።

## የተለመዱ ችግሮች

የተለወጠ ሰነድ። የአስተያየቱ ፋይል የሚያውቀው የገጽ ቁጥርንና በገጹ ላይ ያለውን ቦታ ብቻ ነው። ተማሪው መልስ እስኪመጣ አንድ አንቀጽ ጨምሮ ፒዲኤፉን እንደገና ካወጣ ምልክቶቹ በተሳሳተ መስመር ላይ ያርፋሉ፤ ፕሮግራሙም ስለዚህ ላያስጠነቅቅ ይችላል። የመጀመሪያውን ምልክት ከማስታወሻው ጋር አመሳክሮ ማየት ስሕተቱን ያጋልጣል። የተላከውን ቅጂ ቀን ጽፎ ሳይነኩ ማስቀመጥም ይረዳል።

ወደ ምስል የተለወጠ ምልክት። አስተያየት ያለበት ሰነድ በማተሚያ ትእዛዝ እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ከተለወጠ ቀለሙ ይታያል፤ ማስታወሻው ግን ይጠፋል። ማድመቂያው ሲነካ ካልተመረጠና የአስተያየቶች ዝርዝር ባዶ ከሆነ የሆነው ይህ ነው። ማስታወሻው ከዚያ ቅጂ ሊመለስ ስለማይችል ገምጋሚው የመጀመሪያውን ፋይል መላክ አለበት።

ያልተቀመጠ ሥራ። በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ተከፍቶ የተሰመረበት ሰነድ ካልተቀመጠ ገጹ ሲዘጋ ምልክቶቹ አብረው ይጠፋሉ።

የተደበላለቀ ስም። የአስተያየት ሰጪው ስም ብዙ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ መግቢያ ስም ይወሰዳል። ሁለት ፈታኞች በአንድ የጋራ ኮምፒዩተር ከሠሩ የሁለቱም አስተያየት በአንድ ስም ይወጣል፤ ተማሪውም የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፈታኝ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስሙን በምርጫዎች ውስጥ ማስተካከል ይኖርበታል።