ቁጥር ሲኖርና ሳይኖር፦ ሁለቱ የትንበያ መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያው ራንድ ኮርፖሬሽን የሚሠሩት ኖርማን ዳልኪ እና ኦላፍ ሄልመር ለሰባት ባለሙያዎች አንድ አስፈሪ ጥያቄ አቀረቡ፦ ራሳችሁን በሶቪየት እቅድ አውጪ ቦታ አድርጉና፣ የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ምርት በእጅጉ ለመቀነስ ስንት አቶሚክ ቦምብ ያስፈልጋል?

እንዲህ ያለ ጦርነት ተደርጎ ስለማያውቅ የሚደመርና የሚካፈል መረጃ የለም። ያለው የሰው ግምት ብቻ ነው። ባለሙያዎቹን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያስቀምጧቸው ደግሞ ድምፁ የጎላው ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሳይገናኙ፣ በተናጠል ተጠየቁ። አንዱ የሰጠው ምክንያት ስሙ ሳይጠቀስ ለሌላው ይደርሳል፤ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይገምታል። መጀመሪያ ግምታቸው ከ50 እስከ 5,000 ቦምብ ተራርቆ ነበር። ከአምስት ዙር በኋላ ከ167 እስከ 360 ባለው ክልል ውስጥ ገባ። ይህ ዓይነታዊ ትንበያ ነው፤ ዘዴው ዴልፊ ይባላል። መቀራረብ ግን ትክክል መሆን አይደለም። ደግነቱ መልሱን የሚፈትን ጦርነት አልመጣም።

ያለፈው ነገር በቁጥር ተመዝግቦ ሲገኝስ? በዚያው ዘመን ሮበርት ብራውን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የመለዋወጫ ዕቃ ፍላጎትን ይተነብይ ነበር። መለዋወጫው ከበዛ ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ይታሰራል፤ ካነሰ መርከብ ይቆማል። እዚህ ላይ መጠናዊ ትንበያ ያዋጣል። ከቀላሎቹ ዘዴዎች አንዱ ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው።

በእውነተኛ ቁጥር እንሞክረው። የትንበያ ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት የ1949 የዓለም አቀፍ በረራ ተሳፋሪዎች መዝገብ አለ (ለአየር መንገድ ተሳፋሪ ማለት የተሸጠ ትኬት ነው)። ጁን 135፣ ጁላይ 148፣ ኦገስት 148፤ ሁሉም በሺህ ነው። ሦስቱን ስንደምር 431፣ ለ3 ስናካፍል 143.7 ይሆናል። ይህ የሴፕቴምበር ትንበያችን ነው። የመጣው ግን 136 ነው። አሁን ጁንን ጥለን ሴፕቴምበርን እናስገባ፦ 432 ለ3፣ 144። ኦክቶበር ላይ የተገኘው 119 ብቻ! ለኖቬምበር ደግሞ 134.3 ተነበይን፤ 104 መጣ።

ስህተቶቹን ልብ በሉ፦ ወደ 8፣ 25፣ 30። ሦስቱም ጊዜ አብዝተን ገመትን። ስህተቱ የአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ባለ ነበር። በተከታታይ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ዘዴው ወደኋላ እየቀረ ነው ማለት ነው። አማካዩ የበጋውን ገበያ ገና እያስታወሰ ነው፤ የጉዞው ወቅት ማለፉን አያውቅም። የሁለት ወር አማካይ ቶሎ ይነቃል፣ ግን በእያንዳንዱ ትንሽ መዋዠቅ ይደነግጣል።

በ1960 ፒተር ዊንተርስ ወቅትን ራሱን በስሌቱ ውስጥ የሚያስገባ ዘዴ አሳተመ። ወቅቱን ከመረጃ ለመማር ግን ቢያንስ የአንድ ዓመት፣ ቢቻል የበርካታ ዓመታት መዝገብ ያስፈልጋል። ትናንት ለተከፈተ አዲስ መስመር ይህ የለም፤ እዚያ መንገዱን ለሚያውቁ ሰዎች መጠይቅ መላክ ይቀራል።