ኬታሚን፦ የሰመመን መድኃኒቱና የሽንት ፊኛ ጉዳቱ

በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ በእሳትና በፈላ ነገር የተቃጠሉ ሕሙማን የሚታከሙበት የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። በቃጠሎ ሕክምና ውስጥ ለታማሚው እጅግ አስጨናቂ ከሆኑት ሰዓቶች አንዱ ፋሻ የሚቀየርበት ሰዓት ነው። ከቁስሉ ጋር የተጣበቀው ፋሻ ይላቀቃል፣ የሞተው ቆዳ ይነሣል፣ ቁስሉ ይታጠባል፤ ይኸውም ለሳምንታት ደጋግሞ ይፈጸማል። በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የቃጠሎ ክፍሎች ይህን ሥቃይ ለማስታገሥ በስፋት ከሚሠራባቸው መድኃኒቶች አንዱ ኬታሚን ነው። በሌሎች አገሮች ይኸው መድኃኒት በምሽት ጭፈራ ቤቶች ለስካር የሚወሰድ ዱቄት ሆኖ ስለሚነሣ፣ ስሙን ከዚያ ወገን ብቻ የሰሙ ወላጆች ለልጃቸው እንደሚሰጥ ሲነገራቸው ቢደነግጡ አያስገርምም።

ኬታሚን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሲሆን፣ ከ1970 ጀምሮ ለሰው ሕክምና ተፈቅዷል። ከእርሱ በፊት የነበረው ፌንሳይክሊዲን የተባለው ንጥረ ነገር ሕሙማንን ለረጅም ሰዓት የሚያቃዥና የሚያውክ ስለነበር፣ ኬታሚን የተፈለገው በእርሱ ምትክ አጭርና የተሻለ ሰመመን እንዲሰጥ ነው። ሁለቱም አእምሮን ከስሜት ሕዋሳት የሚነጥሉ ሰመመን ሰጪዎች ከሚባሉት ወገን ይመደባሉ። ታማሚው እንደ እንቅልፍ ጭልጥ አይልም። ዓይኑ ሊገለጥ፣ ብሌኑም ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ የሚቀበልበት በር በኬታሚን ስለሚዘጋ፣ ከአካሉ የሚመጣው የሕመም መልእክት ወደ ንቃቱ አይደርስም።

የመድኃኒቱ ልዩ ጥቅም ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አብዛኞቹ ሰመመን ሰጪዎች ትንፋሽን ያዳክማሉ፣ የደም ግፊትንም ያወርዳሉ። ኬታሚን ግን በተገቢው መጠንና በዝግታ ሲሰጥ፣ ታማሚው በአብዛኛው በራሱ መተንፈሱን ይቀጥላል፤ የደም ግፊቱም ከመውረድ ይልቅ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሰመመን መሣሪያ በሌለበት ወይም መብራት በሚቋረጥበት የወረዳ ሆስፒታል ደም የፈሰሳት እናት ወይም አጥንቱ የተሰበረ ገበሬ ሊታከም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኬታሚን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲውል ቻይና ሐሳብ ባቀረበች ጊዜ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ሐሳቡን ያልደገፈው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ቁጥጥሩ መድኃኒቱን ሌላ አማራጭ ከሌላቸው የገጠር ሆስፒታሎች ያርቀዋል የሚል ሥጋት ነበረው።

መጠኑን በምሳሌ ማየት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የፈላ ሻይ የተደፋበት 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ፋሻው ሲቀየር በደም ሥር በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት፣ የሚሰጠው 12 ሚሊ ግራም ነው። ሰመመኑ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጀምራል፤ ከአሥር ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ መልቀቅ ይጀምራል። መድኃኒቱ ምራቅ ስለሚያበዛ መምጠጫ መሣሪያ ከአጠገብ ይቀመጣል፤ የኦክስጅን መጠንና ትንፋሽ የሚከታተል የሠለጠነ ባለሙያም ሕፃኑ እስኪነቃ አይለይም። አንዳንድ ታማሚ፣ በተለይም አዋቂ፣ ሲነቃ ሊቃዥና ሊደናገጥ ይችላል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ማንቃት፣ ሲያስፈልግም እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት መስጠት ይህን ይቀንሳል።

ከሕክምና ውጭ የሚወስደው ሰው ነገር በመጠንም በድግግሞሽም ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አካል ይለምደዋልና የመጀመሪያውን ስሜት ለማግኘት መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ፊኛቸው ተጎድቶ ወደ ሐኪም ከሚደርሱት ብዙዎቹ በቀን 1 ግራምና ከዚያም በላይ የሚወስዱ ናቸው፤ ይህም ከላይ የተጠቀሰው ሕፃን በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ሰማንያ እጥፍ በላይ ነው። የቅርቡ አደጋ ሕመምና ሚዛን የማይሰማው ሰው መውደቁ፣ በተሽከርካሪ መገጨቱ፣ ወይም ከአልኮል ጋር ደባልቆ ሲተኛ በትውከቱ መታነቁ ነው። የሩቁ አደጋ ግን በሽንት ፊኛ ውስጥ ቀስ እያለ ይሠራል።

ይህ ጉዳት በሕክምና ጽሑፎች በግልጽ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ቀዳሚዎቹ ዘገባዎች ከካናዳና ከሆንግ ኮንግ የወጡ ናቸው። ኬታሚንና ከእርሱ የሚወጡት ዝቃጮች በኩላሊት ተጣርተው ከሽንት ጋር በፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያሉ። በየቀኑ ሲደጋገም የፊኛውን የውስጥ ሽፋን ይልጣሉ፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይቆጣል፣ ይደማል፣ በመጨረሻም እንደ ጠባሳ ይደድራል። የጤነኛ አዋቂ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ይይዛል። የተጎዳው ግን 100 ሚሊ ሊትር እንኳ መያዝ ሊያቅተው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ቀንም ሌሊትም በየግማሽ ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ይሮጣል። ጠባሳው ከኩላሊት የሚወርዱትን የሽንት ቱቦዎች ከያዘ ሽንት ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ያብጣል፤ ችላ ከተባለም ኩላሊት ሥራውን እስከ ማቆም ይደርሳል።

የበሽታው ተንኮል ያለው ሕመሙን ለጊዜው የሚያስታግሠው ራሱ ኬታሚን በመሆኑ ላይ ነው። ታማሚው ፊኛው ሲያቃጥለው ተጨማሪ ይወስዳል፤ ሕመሙ ይለቀዋል፤ ጉዳቱ ይብሳል።

ምልክቶቹ ከተለመደው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጋር ይመሳሰላሉ፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ማቃጠል፣ ከእምብርት በታች መውጋት፣ አልፎ አልፎም ደም መቀላቀል ናቸው። ስለዚህ ብዙዎች ከመድኃኒት ቤት ፀረ ተሕዋስያን ገዝተው ይውጣሉ፤ አንዱ ሳያሽል ሌላ ይለውጣሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ሽንቱ በላቦራቶሪ ተዘርቶ ተሕዋስ ሳይበቅልበት ሲቀር ነው። በአገራችን ግን ይህ ውጤት ብቻውን አይበቃም። የሽንት አካላት ሳንባ ነቀርሳም በተለመደው ምርመራ ተሕዋስ ሳያሳይ ደምና መግል ያመጣል፤ በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ አካባቢዎች የኖረ ሰው ደግሞ የሽንት ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል። ሐኪሙ እነዚህን ሳያጣራ ወደ ኬታሚን አይሄድም፤ ታማሚው መውሰዱን ካልነገረው ደግሞ ስለ ኬታሚን ጨርሶ ላያስብ ይችላል። ከውጭ አገር ተመልሶ እዚህ የሚታከም ሰውም በዚያ ሳለ የወሰደውን፣ ምን ያህልና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጭምር፣ ለሐኪሙ መናገሩ ከብዙ ከንቱ ምርመራ ያድነዋል።

ከሕክምናው ሁሉ ዋናው ኬታሚንን ፈጽሞ ማቆም ነው። ጉዳቱ ጠባሳ ሳይሆን ከቆመ ብዙዎች በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ መጠኑን መቀነስ ብቻ ግን ቁስሉ እንዲድን ዕድል አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ሕመሙ በሌላ መድኃኒት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ታማሚው ወደ ቀድሞው ማስታገሻ ይመለሳል። የኩላሊት አልትራሳውንድና የደም ክሬአቲኒን ምርመራ ጉዳቱ ወደ ላይ መውጣት አለመውጣቱን ያሳያሉ። ፊኛው ከደደረ በኋላ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ በአንጀት ቁራጭ ፊኛውን ማስፋት ወይም አውጥቶ ለሽንት ሌላ መውጫ ማበጀት ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ኬታሚን የሚወስድ ሰው ቀሪዎቹን የሽንት ቱቦዎችና ኩላሊቱን ለዚያው ጉዳት ያጋልጣል።

ለቀዶ ሕክምና ወይም ለፋሻ ቅያሪ ኬታሚን የታዘዘለት ሰው በዚህ ምክንያት እምቢ ሊል አይገባም። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በመካከሉም አካል የሚያስወግድበት ቀን አለ። ሆኖም ሰመመኑ ለሳምንታት በሚደጋገምበት ሕክምና ላይ ያለ ታማሚ ሽንቱ ማቃጠል ወይም መብዛት ከጀመረ፣ ቀጣዩ ፋሻ ከመቀየሩ በፊት ለሰመመን ባለሙያው መንገር አለበት። የደም ግፊቱ ከፍተኛ የሆነ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ቀድሞ የአእምሮ መታወክ የደረሰበት ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ይናገር፤ ባለሙያው ለእነዚህ ሕሙማን ሌላ ሰመመን ሊመርጥ ይችላልና።