ግጻዌ፦ የዕለቱ ንባብ መምሪያ
ብራና፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም። ተከፍቶ የሚታየው፦ የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ መፃጉዕ

ግጻዌ በየዕለቱ ቅዳሴ የሚነበበውን ክፍል ይወስናል። ለአንድ ቀን ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት አንዳንድ ንባብ፣ ከዳዊት መዝሙር በዜማ የሚባል ምስባክ፣ በመጨረሻም ወንጌል ያዝዛል።

የዚህ እሑድ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ ክርስቶስ 38 ዓመት የታመመውን ሰው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ እንደፈወሰ ይናገራል። ሌሎቹ ንባባት የተመረጡት ይህን እንዲያግዙ ነው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ካህናት ለታመመ ሰው ጸልየው ዘይት እንዲቀቡት ያዝዛል። ግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ በመቅደስ ደጅ ሽባውን እንዳስነሡ ይተርካል። ምስባኩ መዝሙር 40 ደግሞ እግዚአብሔር በሽተኛውን በአልጋው ላይ እንደሚረዳው ይዘምራል። ምእመኑ ወንጌሉን ከመስማቱ በፊት ፈውሱ በሐዋርያት እጅ እንደቀጠለ፣ ለቤተ ክርስቲያንም አገልግሎት ሆኖ እንደተሰጠ ይሰማል።

ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ፣ መፃጉዕ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። ስለዚህ ንባቡ የተያዘው በወር ቀን ሳይሆን በጾሙ ሳምንት ተራ ነው። እንደ ጥምቀት ያሉ ቀናቸው የማይናወጥ በዓላት ግን በወሩ ቀን ይፈለጋሉ። ለጾሙ እሑዶች ግን አንባቢው አስቀድሞ በባሕረ ሐሳብ የጾሙን መግቢያ ካላወቀ ትክክለኛውን ገጽ ማግኘት አይችልም።