ሲንኪንግ ፈንድ፦ የወጪ ቋጠሮ

በዓመት አንዴ እንደሚመጣ የሚታወቅ ወጪ አለ። የልጆች ዩኒፎርምና ደብተር፣ የበዓል ዶሮና ስጦታ፣ የመኪና ዓመታዊ ምርመራና ኢንሹራንስ፣ የንግድ ፈቃድ ማደሻ፣ ክረምት ሳይገባ የሚጠገን ጣሪያ። ለእንዲህ ያለው ወጪ ቀኑ እስኪደርስ ከየደመወዙ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ለብቻው የሚቀመጠው ገንዘብ በእንግሊዝኛ ሲንኪንግ ፈንድ ይባላል።

ቃሉ የተወለደው ከመንግሥት ዕዳ ነው። ሮበርት ዋልፖል በነደፈው ዕቅድ መሠረት ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1717 ከገቢዋ የተወሰነውን እየለየች ለብሔራዊ ዕዳዋ መክፈያ ማስቀመጥ ጀመረች። አሠራሩ ሲላላ ዊሊያም ፒት በ1786 እንደገና አቋቋመው። በስሙ ውስጥ «የሚሰምጠው» እንግዲህ ዕዳው ነው፤ ገንዘቡ አይደለም። ስለዚህ «የሚሰምጥ ፈንድ» ብሎ መተርጎም ነገሩን ይገለብጠዋል። እኔ የምመርጠው «የወጪ ቋጠሮ» የሚለውን ነው። እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ የሚቋጥሩት ገንዘብ ለምን እንደተቋጠረ ይታወቃል፤ የቡናው ለቡና፣ የእድሩ ለእድር ነው። የአሠራሩም ዋና ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ቋጠሮ ለአንድ ወጪ።

ቋጠሮ ከክፉ ቀን ገንዘብ ይለያል። የክፉ ቀን ገንዘብ ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ከሥራ ለመፈናቀል ነው፤ መቼ እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። ዩኒፎርም ግን በነሐሴ መገዛቱን ሁሉም ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ደብተር ሲቀመጡ በነሐሴ የሚወጣው የክፉ ቀኑ ገንዘብ ይሆናል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ባዶ እጃችንን ያገኘናል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዓመቱን ወጪ ደምሮ ለ12 ሲያካፍል ነው። ለምሳሌ ሁለት ልጆችና አንድ መኪና ያለውን የአዲስ አበባ ቤተሰብ እንውሰድ። ለመኪናው ምርመራና ኢንሹራንስ በኅዳር 12,000 ብር፣ ለገና 9,000፣ ለፋሲካ 10,500፣ ለጣሪያ ጥገና በግንቦት 8,000፣ ለዩኒፎርም፣ ለጫማና ለደብተር በነሐሴ 22,000፣ ለእንቁጣጣሽ 6,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ድምሩ 67,500 ነው፤ ለ12 ሲካፈል በወር 5,625 ብር ይሆናል። ቁጠባው በመስከረም ደመወዝ ቢጀመር፣ ኅዳር ሲገባ የተጠራቀመው የሁለት ደመወዝ ድርሻ፣ ማለትም 11,250 ብር ብቻ ነው። የመኪናው ወጪ ገና ከመጀመሪያው ይበልጠዋል። የገናውም ይጎድላል።

ትክክለኛው አካፋይ 12 ሳይሆን ወጪው እስኪደርስ የሚቀሩት ደመወዞች ቁጥር ነው። ለመኪናው የሚቀሩት የመስከረምና የጥቅምት ደመወዞች ብቻ ስለሆኑ በየወሩ 6,000 ይጠይቃል። ለገና ሦስት ደመወዝ ስላለ 3,000፣ ለፋሲካ ሰባት ስላለ 1,500፣ ለጣሪያው ስምንት ስላለ 1,000፣ ለዩኒፎርም 11 ስላለ 2,000፣ ለእንቁጣጣሽ 12 ስላለ 500 ብር ይደርሳል። የመስከረም ድምር እንግዲህ 14,000 ብር ነው። ብዙ ቤት በመጀመሪያው ወር አሠራሩን የሚተወው ይህን ቁጥር ሲያይ ነው።

መተው ግን አያስፈልግም። አንዱ ወጪ ተከፍሎ ባለቀ ቁጥር ቋጠሮው ለሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ያኔ ሙሉ 12 ደመወዝ ስለሚኖረው ይቀላል። የመኪናው ቋጠሮ ከኅዳር ጀምሮ ከ6,000 ወደ 1,000 ይወርዳል፤ የገናው ከታኅሣሥ ደመወዝ ጀምሮ ወደ 750። ድምሩም በኅዳር 9,000፣ በታኅሣሥ 6,750 እያለ ይወርድና ዓመቱ ሲዞር 5,625 ላይ ይረጋል። ከባዱ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው። ለዚህም ነው ለጀማሪ የቅርቡን ወጪ እንደ ወትሮው ከፍሎ በሩቁ መጀመር የሚሻለው። ይህ ቤተሰብ የመኪናውንና የገናውን ለዘንድሮ ከቋጠሮ ውጪ ቢያደርጋቸው በመስከረም የሚያስቀምጠው 5,000 ብር ብቻ ነው። ሁለቱን ወጪ በከፈለ ማግስት ቋጠሯቸውን ይጀምራል።

የእኛ ዘመን አቆጣጠርም በስሌቱ ይገባል። ዓመቱ 13 ወር ቢሆንም በጳጉሜን ደመወዝ የለም፤ የትምህርት ቤቱና የአዲስ ዓመቱ ወጪ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይደራረባል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። ስለዚህ በመጋቢት የሚውልበት ዓመት ካለ በስሌቱ አንድ ደመወዝ ይጎድላል። ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሐ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድሙ፣ በሦስት ዓመት አንዴ ገደማ የአንድ ወር ደመወዝ ይቀድሙናል። ንግድ ፈቃድ ያለው ሰውም የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር ቆጥሮ የማደሻውን ቋጠሮ በሰኔ መሙላት ይኖርበታል።

የዋጋ ንረት ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ወለድ የገበያውን ዋጋ አይደርስበትም፤ ባለፈው ነሐሴ 22,000 ብር ያወጣ ዩኒፎርም ዘንድሮም በዚያው ይገኛል ብሎ መቋጠር ራስን ማታለል ነው። አሥራ አምስት በመቶ ይጨምራል ብለን ብናስብ 25,300 ይሆናል፤ ለ11 ደመወዝ ሲካፈል ከ2,000 ይልቅ 2,300 ብር ማስቀመጥ ይገባል። ከዚህም የሚሻለው ቋጠሮው በቂ ሲሆን ወዲያው መግዛት ነው። ደብተርና ቦርሳ በግንቦት ተገዝቶ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ጫማ ግን የልጅ እግር ስለሚያድግ እስከ መጨረሻው ይቆይ። ዩኒፎርሙንም ትምህርት ቤቱ ዓይነቱን እንደማይቀይር ሳይጠይቁ ማሰፋት አያዋጣም።

ይህንን ሁሉ እቁብ አይሠራልንም ወይ የሚል ይኖራል። እቁብ ሰውን ከራሱ እጅ የሚያድን ጠንካራ ነገር ነው፤ ቀኑን የሚወስነው ግን ዕጣ ነው። ዕጣው በጥር ከወጣ የነሐሴው ገንዘብ ሰባት ወር እጃችን ላይ ይቆያል፤ ነሐሴ ሳይደርስ ሌላ ነገር ይገዛበታል። ሰብሳቢውና አባላቱ ዕጣ ለመለዋወጥ ከፈቀዱ እቁብ ለዩኒፎርም ይሆናል። ካልፈቀዱ ከቋጠሮ ጋር አይቀላቀል።

ቋጠሮ የሚፈታው ብዙ ጊዜ በብድር ነው፤ «ከገናው ወስጄ ለጣሪያው እከፍልና እመልሳለሁ» በሚል። ይህን ማወቂያው ቀላል ነው። ያለፉትን ደመወዞች ቁጥር በየወሩ በሚቀመጠው ብር አባዙት። ዩኒፎርሙ በየወሩ 2,300 ከሆነ አምስት ደመወዝ ካለፈ በኋላ 11,500 ብር መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ተነክቷል፤ የጎደለው በቀሩት ስድስት ደመወዞች ላይ ተከፋፍሎ ይጨመር። የቋጠሮዎቹ ገንዘብ በአንድ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥም ችግር የለውም፤ በወረቀት ላይ ግን እያንዳንዱ ቋጠሮ የራሱ መስመር ይኑረው።

ዛሬ ማታ ከቤተሰብ ጋር ተቀመጡና ካለፈው ዓመት ደረሰኝ ከሁሉ የበለጠ ያስጨነቃችሁን አንድ ወጪ ምረጡ። እስከዚያ ቀን ስንት ደመወዝ እንደሚቀር ቁጠሩና የመጀመሪያውን ድርሻ ከሚቀጥለው ደመወዝ ገና ሳይነካ አንሱ።