ይማርሽ... ማን?

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አስነጠሰኝ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ተከታተለብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ወዲያው «ይማርሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔም የጆሮ ማዳመጫዬን ከአንድ ጆሮዬ ነቅዬ «አመሰግናለሁ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ፈገግ አሉና «‘ያኑርዎ’ ይባላል እንጂ!» አሉኝ። ቁጣ አይደለም፤ ግን ዋጋ ተምታቶበት ጎዶሎ ሒሳብ የሰጠን ሰው እንደማረም ያለ ነገር ነበር።

እውነታቸውን ነው። ጎዶሎ ሒሳብ ነበር የሰጠሁት። ለምን እንደሆነ እስቲ አብረን እንየው።

ወዳጆቼ፣ «ይማርህ»ን ቀስ ብላችሁ አዳምጡት። የሚምረው ማን ነው? እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን «ልማርህ» ይሆን ነበር። አንተም አይደለህ። አንድ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ስሙ ግን አልተጠራም። ሙሉው አነጋገር «እግዚአብሔር ይማርህ» ነው፤ በአፍ ሲለሰልስ «እግዜር ይማርህ» ሆነ፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ተዘለለና «ይማርህ» ብቻ ቀረ። ስሙ ቢወድቅም ግሡ ላይ የተሰካችው «ይ» እስከ ዛሬ ትጠብቀዋለች። በየቀኑ ሳናስበው የምንጸልየው ጸሎት ነው ማለት ነው፤ አንዲት ቃል የምታክል ጸሎት።

በልጅነታችን ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ይባልና «እየተማርኩ ነው!» ብሎ የሚመልስ ቀልደኛ አይጠፋም ነበር። ቀልዱ የሚሠራው ምሕረት የሚያደርገው «ማረ» እና ትምህርት የሚቀስመው «ተማረ» በአማርኛ አንድ ስለመሰሉ ነው። ዘራቸው ግን የተለያየ ነው። በግዕዝ የማስተማሩ ቃል በሃሌታው ሀ፣ የይቅርታው ቃል ደግሞ በሐመሩ ሐ ይጻፋል። ያኔ ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸውም የተለያየ ነበር። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲያጣ ሁለቱም ሀዎች ከመሐል ወደቁና ግሦቹ ተመሳሰሉ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ስሞቹን ተመልከቱ፦ ጠንቃቃ ጸሐፊ «ትምህርት»ን በአንደኛው፣ «ምሕረት»ን በሌላኛው ፊደል ይጽፋል። የኛው ቀልደኛ ሳያውቀው በሁለት ፊደላት ታሪክ ላይ ነበር የሚቀልደው።

ለመሆኑ ግን ለማስነጠስ ምሕረት ምን አገባው? ምንስ አጠፋን?

መልሱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። የታመመ ሰው ስንጠይቅ የምንለውም ይህንኑ ነው፦ «እግዜር ይማርህ»። በአማርኛ ሕመም የሚሻረው በምሕረት ነው። ማስነጠስ ደግሞ የሕመም በር ተደርጎ ይታያል፤ ስለዚህ ለታመመ የሚባለው ለማስነጠስም ተባለ። እዚህ ላይ እኛ ብቻችንን አይደለንም። በአይሁድ ጥንታዊ ትረካ ከያዕቆብ በፊት ሕመም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በድንገት ያስነጥሰውና ነፍሱ ትወጣ ነበር ይባላል። በእስልምና ያስነጠሰው ሰው ራሱ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ የሰማው «የርሐሙከላህ» ይለዋል፣ ማለትም አላህ ይዘንልህ፤ ያስነጠሰውም «የህዲኩሙላህ ወዩስሊሕ ባለኩም» ብሎ፣ አላህ ይምራችሁ፣ ሁኔታችሁንም ያስተካክል ብሎ ይመልሳል። ልብ በሉ፣ እዚያም የሚለመነው ርኅራኄ ነው፤ እዚያም መልሱ «አመሰግናለሁ» አይደለም፤ ለመረቀህ ሰው መልሰህ መመረቅ ነው። ደግሞ ወሰን አለው፦ ደጋግሞ ያስነጠሰው ሰው ጉንፋን ይዞታል ይባልና ምላሹ በየጊዜው አይደገምለትም። እኔም ታክሲው ውስጥ ሦስተኛው ላይ ደርሼ ነበር...

በነገራችን ላይ፣ በኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ590 ሮም ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ሳለ ጳጳሱ ቀዳማዊ ጎርጎርዮስ ላስነጠሰው ሁሉ ምረቃ እንዲሰጥ አዘዙ፤ ልማዱ የተጀመረው ያኔ ነው ይላል። ደስ ይላል፤ ግን ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ሰው ሲያስነጥስ ሰላምታ የምንሰጠው ለምንድን ነው ብሎ በመጽሐፉ ጠይቋል። ፊቱ የማይፈታው ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ እንኳ ሠረገላው ላይ ሆኖ ሲያስነጥሰው ይህ እንዲደረግለት ይፈልግ እንደነበር ይባላል ሲልም ጨምሯል። ከጳጳሱ በፊት 500 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ልማዱ ያኔም ምክንያቱ የተረሳ አሮጌ ነገር ነበር።

ወደ ሴትዮዋ «ያኑርዎ» እንመለስ። «ያኑርህ» የመጣው ከ«ኖረ» ነው፤ «ኖረ» ደግሞ የግዕዙ «ነበረ» ልጅ ነው። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ቆየ ማለት ነው፤ «መንበር» የሚለው ቃላችን ከዚያው ነው። ስለዚህ «ያኑርህ» ማለት በቦታህ ያቆይህ፣ ዕድሜ ይስጥህ ነው። ሒሳቡ ገባችሁ? አንዷ ጤና ትለምንልኛለች፣ እኔ ዕድሜ እለምንላታለሁ። ከፋዩ አሁንም ያው ስሙ ያልተጠራው ሦስተኛው ነው። «አመሰግናለሁ» ስል ግን ሦስተኛውን ከመሐል አስወጣሁትና ነገሩን የሁለታችን ጉዳይ አደረግሁት። ሴትዮዋ ያጡት ምስጋና አልነበረም፤ ዕድሜ ነበር።

ማዕድ ላይም እንዲሁ ነው። በድሮው ወግ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ ታላቅ ሰው ከገባ ሁሉም ብድግ ብድግ እያሉ «ኖር!» ይላሉ። ጆሮ ወዲያው ከ«ኖረ» ጋር ያዛምደዋል። የገባውም «በእግዜር!» ይላል፤ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ አትነሡ ማለቱ ነው። ቆመው ያከብሩታል፣ እሱ ደግሞ በአምላክ ስም ተማጽኖ ያስቀምጣቸዋል። ማንም ሳያፍር፣ ማንም ሳይዋረድ ሁሉም ይቀመጣል።

ከዚያ «እንብላ» ይመጣል። እዚህም ግሡን ተመልከቱት፦ «ብላ» አልተባለም። «ብላ» ያለው ሰጪ ነው፤ አንተ ተቀባይ። «እንብላ» ያለው ግን ማዕዱን ከመጀመሪያውም የጋራ አድርጎታል፤ አንተ ዘግይተህ የመጣህ ባለድርሻ ነህ እንጂ ለማኝ አይደለህም። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ በር ላይ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሳልፍ ሁልጊዜ «እንብላ» ይለኛል። ምሳ ዕቃው ለአንድ ሰውም ትንሽ ናት። ለብዙ ጊዜ ከልቡ ነው ወይስ ለወጉ እያልኩ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። መለያው ቀላል ነው፦ አንዴ ብሎ ከተወው ወግ ነው፤ «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ማለፍ ነው። እንጀራውን ቆርሶ እጁን ከዘረጋ፣ «በሞቴ» ካለ፣ «አፈር ስሆን» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞቱንና አፈሩን መያዣ አድርጎ ያስቀመጠን ሰው በባዶ ማለፍ አይቻልም፤ አንድ ጉርሻ ትቀበላለህ። አንድ ቀን እንዲያ አለኝ፤ ጎረስኩ። ሽሮው ደግሞ እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰላችሁ!

በልተን ስንነሣ፣ ሥራም ስንጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። እዚህ ቃል ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ጭራው ነው፦ «-ልኝ»። እግዜር ይስጥህ ብቻ ሳይሆን፣ እኔን ወክሎ፣ በኔ ፈንታ ይስጥህ። የሠራህልኝን የምመልስበት ዐቅም የለኝም፤ ዕዳዬን ወደ ሀብታሙ አዛውሬያለሁ ማለት ነው። ይህም እያጠረ «ስጥልኝ» ሆኗል። «ጤና ይስጥልኝ» ስንልም ሰላምታ ብቻ ይመስለናል እንጂ ያው ባለቤቱ የተዘለለ ምረቃ ነው። መንገድ ላይ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ስታልፉ የሚባለው «ያበርታችሁ»ም ከዚሁ ቤት ነው፤ መልሱ «አሜን» መሆኑ ጸሎትነቱን ይመሰክርበታል።

አንድ ለየት ያለ አለ። ውሃ ያስታጠበ ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። እዚህ ሦስተኛ ሰው የለም፤ ቃሉ በቀጥታ ለልጁ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም። ምረቃው የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው፤ «ይማርህ» እና «ስጥልኝ» ግን ባለቤታቸው ሌላ ስለሆነ ታናሽም ለታላቅ፣ ሠራተኛም ለአለቃ ሊላቸው ይችላል። ጫፉን «ይማርዎ» ብሎ ማስተካከል ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ማስነጠስ ባንድ ጊዜ ትርጉሙ ተለወጠ። ታክሲ ውስጥ አንዱ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የሚለው ጠፍቶ መስኮት የሚከፈት፣ ፊቱን የሚያዞር በዛ። እኔም ካዞሩት አንዷ ነበርኩ። የሚያስፈራ በሽታ ሲመጣ ምሕረት የሚለምነውን ቃል ዋጥነው፤ ሊባል የሚገባው ያኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ አያቴ ታማ ተኛች፤ በሌላ በሽታ ነው። ጎረቤት እየተመላለሰ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እግዜር ይማርሽ» ይላታል። እሷ መጀመሪያ «አሜን፣ ያኑራችሁ» ትላለች። ኋላ ድምፅዋ ሲደክም «አሜን» ብቻ። በመጨረሻው ሳምንት እሱንም አልቻለችም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት «ይማርሽ» ብላት ስትወጣ አያቴ እጄን ያዝ አደረገችኝ። ምን ፈልጋ እንደሆነ አልገባኝም። ውሃ ሰጠኋት።

የገባኝ ባለፈው ሰሞን፣ ታክሲው ውስጥ ነው። በሷ ፈንታ «ያኑርሽ» እንድልላት ነበር።

ሴትዮዋ አራት ኪሎ ላይ ሲወርዱ ዘምቢላቸውን አቀበልኳቸው። «እደጊ» አሉኝ። ይኼኔ አልተሳሳትኩም፦ «አሜን፣ ያኑርዎ» አልኳቸው።

እናንተንም ያኑራችሁ!