የእንግዳ ማደሪያ በላሊበላ መንገድ

ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በደሴና በወልድያ ዞሮ ለሚሄድ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። በበቅሎ ዘመን ሳምንታት ይወስድ ነበር። መንገዱ ባጠረ ቁጥር የእንግዳው ገንዘብና ሸክም ማን ላይ እንደሚያርፍም አብሮ ተቀያይሯል።

የጥንቱ መንገደኛ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ በማለዳ ይነሣል፤ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ያንኳኳል። ብቻውን የመጣ ሰው ለቤቱ ብዙም አይከብድም። የቤተ መንግሥት እንግዳ ግን ሌላ ነው። ንጉሡ የተቀበለው መልእክተኛ ድርጎ ስለሚቆረጥለት በሚያልፍበት ሁሉ ባላገሩ እንጀራውን፣ ማሩንና በጉን ያቀርባል። ጓዙንም ተሸክሞ ያሻግራል። በ1520ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር የመጣውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ ዓይነት ጉዞ ነው አገሩን የዞረው። ያ ጉዞ እጅግ ዝግ ያለ ነበር፤ ለገበሬው ግን ዕዳ ነበር። ዛሬ ዝግ ያለ ጉዞ በራሱ ለአገሬው ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ እወዳለሁ።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የደሴን መኪና መንገድ ዘረጉ፤ ኋላም ቻይኖች ከወልድያ ወረታ የሚወስደውን ሠሩ። በ1960ዎቹ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚመራው የቱሪስት ድርጅት አገሪቱን ለውጭ ጎብኚ ሲያስተዋውቅ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው አውሮፕላን ሆነ። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ጎብኚው ከከተማ ከተማ በአየር ሲዘል በመካከል ያለው ደጋ ከመስኮት የሚታይ ብቻ ሆኖ ቀረ። የቲኬቱና የሆቴሉ ሒሳብ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ስለሚዘጋ፣ በመካከል ላለው ገበሬ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ይህን ለመለወጥ ከተሞከሩት ሁሉ እኔ የማደንቀው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመቄት የተጀመረውን፣ «ተስፋ» የተባለውን ሥራ ነው። መቄት ከላሊበላ በስተደቡብ ያለ ሰፊ ደጋ ነው። መቋት ማርያምን የመሰሉ ማደሪያዎች የተሠሩት በገደሉ አፋፍ ላይ፣ በድንጋይ ግድግዳና በሣር ክዳን፣ በአካባቢው አሠራር ነው። እንግዳው ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ግማሽ ቀን ያህል በእግሩ ይሄዳል። ሻንጣው በአህያ ይጫናል፤ መንገዱን የአካባቢው ልጅ ይመራዋል። ሲደርስ ቆሎና ቡና ይቀርብለታል፤ ማታ ደግሞ እዚያው የሚሠራ እንጀራና ሽሮ ይበላል። ማደሪያው የቀበሌው ማኅበር ነው፤ ገቢውን የሚይዘውም ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ ነው። ጎጆዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሲሞሉ ተከታዩ ሌላ ቀን ይጠብቃል። ከድርጎ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ እንግዳው ይከፍላል፣ ቁጥሩም የተወሰነ ነው።

ችግሩም እዚያው ይጀምራል። ፈረንጁ ቦታ የሚይዘው ከሩቅ ስለሆነ አገናኝ ያስፈልጋል፤ አገናኙ ከዕለት ወደ ዕለት ድርሻውን ሲያሰፋ ገበሬው ዋጋውን እንኳን ላያውቅ ይችላል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ መጠየቅ ነው፦ ቤቱ የማን ነው? ከከፈልኩት እዚህ የሚቀረው ስንት ነው? ሽንኩርቱና ዱቄቱ ከየት ገበያ ይገዛል? ማኅበሩ ራሱ ሒሳቡን ካወቀ አስተናጋጁ ሳያመነታ ይመልሳል። በሽሽት የሚመልስ ካለ ማኅበሩ ስሙን ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። በክረምት ጭቃው መንገዱን ስለሚዘጋ ገቢውም በበጋ ወራት ይጨናነቃል፤ በዚህ ብቻ የሚኖር ቤተሰብ የለም፣ መኖርም የለበትም።

ላሊበላ ከተማ ውስጥ የሚያጨናንቀው ሌላ ነው። ለገና የሚመጣው ምእመን ባለበዓል ነው፤ ብዙው በእግሩ ቀናት ተጉዞ ይደርሳል፣ ሜዳ ላይ ያድራል። ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቱን ብቻ ለማየት የሚሻ ሰው ያን ሳምንት ቦታውን ለእነርሱ ቢለቅ መልካም ነው። በሌላ ጊዜ ሲመጣም ሁለት ቀን ይጨምርና አንዱን ለአሸተን ማርያም ያድርገው፤ በእግር ወይም በበቅሎ ተራራውን ወጥቶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሁለተኛውን ቀን ለይምርሐነ ክርስቶስ ይስጥ። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የታነጸው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ በፊት የተሠራ እንደሆነ ይታመናል።

በነሐሴ 2021 የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት እንግዳውን አርቆታል። ስለዚህ መንገድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የጸጥታውን ሁኔታ አሁን እዚያው ካሉት ይጠይቅ። ሰላም ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ አዲስ አበባ ከሚዘጋው ጥቅል ይልቅ መቄት ለሚያድርበት ሌሊት ይዋል።