የመግነጢስ መስመሮች በሚተኙበት ምድር፦ ስደተኛ አእዋፍ በጅቡቲ ሰማይ እንዴት አቅጣጫቸውን ያገኛሉ?

በጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ ላይ፣ የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይገለጣል። በክረምት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የባሕር ዳር ወፎች እዚህ ይመገባሉ። ከሀራሙስ እስከ ሎያዳ የተዘረጋው ይህ ዳርቻ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች ተርታ ተመዝግቧል። አእዋፉ ግን እዚህ የሚደርሱት ለአቅጣጫ ጠቋሚያቸው አስቸጋሪ በሆነ ቀጣና ውስጥ አልፈው ነው።

ጀርመናውያኑ ቮልፍጋንግና ሮስቪታ ቪልችኮ እ.አ.አ በ1972 እንዳሳዩት፣ የወፍ ኮምፓስ እንደ መርከበኛ ኮምፓስ ሰሜንን ከደቡብ አይለይም። የሚለየው የመሬት መግነጢስ መስመሮች ወደ መሬት የሚያዘነብሉበትን ወገን ነው፤ ይህም ወደ ዋልታ የሚወስደው አቅጣጫ ነው። በመግነጢስ ወገብ ላይ ግን መስመሮቹ አግድም ስለሚተኙ ሁለቱም ወገን አንድ ይሆናል። ይህ ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል፤ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.አ.አ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲመሠረት ለወገቡ መቅረቡ ልዩ ዋጋ ሰጥቶታል። ጅቡቲም ከወገቡ ብዙ አትርቅም፤ መስመሮቹ እዚያ የሚያዘነብሉት በጥቂቱ ብቻ ነው።

ወገቡን ተሻግሮ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ ወፍ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል፦ ቀድሞ «ከዋልታ ራቅ» ይለው የነበረው ስሜት አሁን «ወደ ዋልታ ቅረብ» ማለት አለበት። ቪልችኮዎቹ እ.አ.አ በ1992 ባሳተሙት ሙከራ ትናንሽ ነፍሳት በል ወፎችን አግድም በተኛ መግነጢስ ውስጥ ሲያቆዩዋቸው፣ ወፎቹ ከዚያ በኋላ ምርጫቸውን ገልብጠውታል። የወገቡ ልምድ ራሱ የመቀየሪያው ምልክት ነበር ማለት ነው።

በሌሊት የሚበርሩት ሌላም መሪ አላቸው። አሜሪካዊው ስቲቨን ኤምለን በፕላኔታሪየም ውስጥ ያሳደጋቸው ጫጩቶች ሰማዩ ቤተልጌዝ በተባለው ኮከብ ዙሪያ እንዲዞር ሲደረግ፣ ያንኑ ኮከብ እንደ ሰሜን ቆጥረውታል። ወፎቹ የሚማሩት የአንድን ኮከብ መልክ ሳይሆን ሰማዩ የሚዞርበትን እምብርት ነው።

ንስርና ጥንብ አንሣን የመሳሰሉ ትላልቅ አእዋፍ የሚጓዙት በቀን፣ ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው። ይህ አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ የባሕር ዳርቻን ተከትለው ጠባቡን መሻገሪያ ይፈልጋሉ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ባብ ኤል ማንደብ አንዱ ነው። እ.አ.አ በ1987 መጸው በጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አእዋፍ ከየመን ሲሻገሩ ታይተዋል።

ኮምፓስ ብቻ የያዘ ግን እዚህ ላይደርስ ይችላል። በባልካን የተፈለፈሉ የግብፅ ጥንብ አንሣ ጫጩቶች ያለ አዋቂ ሲጓዙ ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ደቡብ ይበርራሉ፤ ከሜዲትራኒያን ጋርም ተፋጥጠው ይሰጥማሉ። አዋቂዎቹን የተከተሉት ግን በቱርክ ዞረው ወደ አፍሪካ ይገባሉ፤ ክረምቱን በአፋር የሚያሳልፉም አሉ።